«90 በመቶ» የተባለው የምኑ ነው? በ36 ዓመት እንቁላል ስለማስቀመጥ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው። ትዳር አልያዝኩም፤ ልጅ ግን እፈልጋለሁ። እንቁላሌን አውጥቼ ለማስቀመጥ ተመርምሬ ነበር፤ ኤኤምኤች የተባለው የሆርሞን ምርመራ 1.3 ነው፣ በአልትራሳውንድ ደግሞ በሁለቱም በኩል በድምሩ 10 ከረጢቶች ታይተዋል አሉኝ። «አንድ ዙር ይበቃሻል፣ 90 በመቶ የተሳካ ነው» ተብያለሁ። ጓደኛዬ ግን ገንዘብ ማባከን ነው ትለኛለች። እውነቱን ንገሩኝ፤ በኋላ ልጅ የማግኘት ዕድሌ ስንት ነው? አሁን ላድርገው ወይስ ሁለት ሦስት ዓመት ልጠብቅ? ሂደቱስ ምን ይመስላል?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የተነገረሽ 90 በመቶ ውሸት አይደለም፤ የሌላ ነገር ቁጥር ነው። ቀዝቅዘው የተቀመጡ እንቁላሎች ሲቀልጡ ምን ያህሉ በሕይወት ይገኛሉ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ጥሩ ላቦራቶሪ ውስጥ ከ100 እንቁላል ከ80 እስከ 90 ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከቅዝቃዜው በደህና ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ገና ብዙ መንገድ ይቀራል። ባንቺ ዕድሜና ባንቺ የምርመራ ውጤት አንድ ዙር ብቻ ብትሠሪ ቢያንስ አንድ ልጅ የመውለድ ዕድልሽ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከግማሽ በታች ቢሆንም አይግረምሽ። ሁለት ዙር ከሆነ ዕድልሽ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ጓደኛሽም ክሊኒኩም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። የእኛ ምክር፣ ለማድረግ ከወሰንሽ አትጠብቂ፤ በጀትሽንም ጊዜሽንም ከመነሻው ለሁለት ዙር አስቢ። ለምን እንደዚህ እንዳልን በራስሽ ቁጥሮች እናሳይሽ።

አልትራሳውንዱ ላይ የታዩት 10 ከረጢቶች ፎሊክል የሚባሉት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንዲት እንቁላል የያዙ ትንንሽ የፈሳሽ ከረጢቶች። እነሱን ለማሳደግ የሚሰጠው መድኃኒት በደንብ ከሠራ አብዛኞቹ ያድጋሉ፤ በማውጣቱ ቀን 9 እንቁላል ቢገኝ ለአንቺ ጥሩ ውጤት ነው። የተገኘው ሁሉ ግን አይቀመጥም። ከ10 እንቁላል 7 ወይም 8ቱ ብቻ የበሰሉ ይሆናሉ፤ ያልበሰለ እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር ተዋህዶ ሽል ስለማይሆን ማስቀመጡ ትርጉም የለውም። እንግዲህ 7 ተቀመጡ እንበል። ከዓመታት በኋላ ሲቀልጡ 6 ያህሉ ይተርፋሉ። ከ6ቱ 4 ያህሉ ከዘር ጋር ይዋሃዳሉ። ከአራቱ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ብላስቶሲስት ወደሚባለው ደረጃ የሚደርሱት፣ ማለትም ማሕፀን ውስጥ ሊቀመጡ የሚችሉት፣ ሁለት ቢሆኑ ነው። በ36 ዓመት ከተወሰደ እንቁላል ከተሠሩ ሽሎች ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ብቻ የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ከ9 እንቁላል ተነስተሽ እጅሽ ላይ የሚቀረው አንድ ደህና ሽል ነው። እሱም ማሕፀን ውስጥ ሲገባ የመወለድ ዕድሉ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ እርግጠኛ አይደለም።

ይህንን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታባዢው በ36 ዓመት የተቀመጠች አንዲት የበሰለች እንቁላል ወደ ልጅነት የመድረስ ዕድሏ 9 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ሰባት ካሉሽ ቢያንስ አንዷ የመሳካት ዕድሏ 48 በመቶ ገደማ ነው። በሁለተኛ ዙር 14 ብታደርሻቸው 73 በመቶ ይሆናል፤ በሦስተኛ ዙር 21 ቢሆኑ 86 በመቶ። አየሽ፣ የመጀመሪያው ዙር 48 ነጥብ ሰጠ፣ ሁለተኛው 25 ጨመረ፣ ሦስተኛው ግን 13 ብቻ። ሁለት ዙር ያልንሽ ለዚህ ነው። ሦስተኛው ዋጋው እንደ መጀመሪያው ሆኖ ጥቅሙ ሩብ ገደማ ነው፤ ሁለት ልጅ ካላሰብሽ በስተቀር አይገፋፋም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ እንጨምር። ይህ ሒሳብ እያንዳንዷ እንቁላል ከሌላዋ ጋር ሳትያያዝ ዕጣዋን ትጥላለች ብሎ ይነሳል። እውነተኛ ሕይወት እንደዚያ አይደለም፤ እንቁላሎቹ የአንድ ሰው ናቸው፣ ዘሩም የአንድ ሰው ይሆናል፣ የሚቀልጡትም በአንድ ቀን በአንድ ላቦራቶሪ ነው። አንዱ ላይ ችግር ካለ ሁሉንም ይነካል። በሕክምና መዝገብ የተመዘገቡ ውጤቶች ከእንዲህ ያለው ሒሳብ ዝቅ የሚሉትም ለዚህ ነው። ለምሳሌ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እንቁላላቸውን አስቀምጠው ተመልሰው የተጠቀሙ 543 ሴቶች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ ነበር። ሲያስቀምጡ አማካይ ዕድሜያቸው 38 ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር፤ ከመካከላቸው ልጅ ያገኙት 39 በመቶ ናቸው። ከ38 ዓመት በፊት ካስቀመጡት መካከል ግን ግማሽ ያህሉ ወልደዋል፤ ከእነዚሁ 20 እና ከዚያ በላይ የበሰለ እንቁላል ያቀለጡት ደግሞ 70 በመቶ ደርሰዋል። ከላይ የሠራንልሽን ቁጥር እንደ ጣሪያ፣ ይህንን እንደ ወለል አድርገሽ ብትይዢው ከእውነቱ አትርቂም።

ወደ መጠበቁ ጥያቄ እንለፍ። ኤኤምኤች ስንት እንቁላል እንደቀረሽና ለመድኃኒቱ ምን ያህል እንደምትመልሺ ይናገራል፤ ስለ ጥራታቸው ምንም አይልም። ጥራቱን የሚወስነው ዕድሜ ነው። እንቁላል ከመወለድሽ በፊት ተሠርታ ክሮሞዞሞቿን አጥምዳ የቆየች ሴል ናት፤ የመጨረሻ ክፍፍሏን የምትፈጽመው በምትወጣበት ወር ነው። ክሮሞዞሞቹን አስተሳስረው የያዙት ፕሮቲኖች ለአሥርተ ዓመታት ሳይታደሱ ይቆያሉ፤ ሲላሉ ክፍፍሉ ይዛባል፣ ሽሉም አንድ ክሮሞዞም ተርፎት ወይም ጎድሎት ይመጣል። እንዲህ ያለው ሽል አብዛኛውን ጊዜ አይጸናም፣ ወይም ጸንቶ ይጨናገፋል። በ30 ዓመት አካባቢ ችግር ያለባቸው ሽሎች ከአራቱ አንዱ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ናቸው፤ በ40 ከግማሽ ያልፋሉ፤ በ42 እና 43 ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ ይሆናሉ። ጥራቱ በ35 ዓመት በድንገት አይወድቅም፤ ከ37 በኋላ ግን ቁልቁለቱ ይከፋል።

አንቺ እስከ 39 ብትጠብቂ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይቀንሳል። የምታወጪው ቁጥር ከ7 ወደ 5 ሊወርድ ይችላል፤ የእያንዳንዷም ዕድል ከ9 ወደ 4 ወይም 5 በመቶ ይወርዳል። ያኔ የአንድ ዙር ዕድል ከ5 አንድ ገደማ ነው። ዛሬ በሁለት ዙር የምታገኚውን ለማግኘት ያኔ አምስት ስድስት ዙር ያስፈልግሻል፤ ያን ያህል ደግሞ ማንም ሐኪም ባይመክርሽ አትገረሚ።

«ታዲያ ምርጡ ዕድሜ ስንት ነው?» ለሚሉ ሌሎች አንባቢዎችም እግረ መንገዳችንን እንመልስ። ለእንቁላሉ ጥራት ብቻ ከሆነ ከ34 በፊት ነው። ነገር ግን በ27 ዓመቷ የምታስቀምጥ ሴት ከጊዜ በኋላ በተፈጥሮ የመውለድ ዕድሏ ሰፊ ስለሆነ ያስቀመጠችውን ምናልባት ፈጽሞ ላትነካው ትችላለች። በአጠቃላይም ካስቀመጡት ሴቶች ተመልሰው የሚጠቀሙት ጥቂቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የሒሳብ ሥራ ጥቅሙን «ባታስቀምጥስ ምን ይሆን ነበር?» ከሚለው ጋር አነጻጽሮት ነበር። ልዩነቱ ሰፍቶ የተገኘው በ37 ዓመት ላይ ነው፤ ካስቀመጡ 52 በመቶ፣ ካላስቀመጡ 22 በመቶ ያህል። ስለዚህ ለማስቀመጥ የሚያስቡ ሴቶች ከ32 እስከ 37 ባለው ውስጥ ቢወስኑ ጥራቱም ጥቅሙም ይገናኛል እንላለን። ኤኤምኤቿ ዝቅ ያለ፣ እናቷ ወይም እህቷ ቀድማ ያረጠች፣ ኦቫሪዋ፣ ማለትም እንቁላል የሚመረትበት አካሏ፣ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ወይም የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለ ሕመም ያለባት ሴት ግን ይህንን መስመር አትጠብቅ፤ ቀደም ብላ ትመርመር።

ሂደቱ ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ማውጣቱ ቀን ሁለት ሳምንት አይሞላም። ከዚያ በፊት የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል፤ ምክንያቱ ናሙናዎች በጋራ ታንክ ስለሚቀመጡ ነው። ማሕፀንሽም በዚሁ አጋጣሚ በደንብ ይታይ፤ ፋይብሮይድ የሚባለው የማሕፀን ዕጢ ካለ ዛሬ ማወቁ ይጠቅማል።

የወር አበባሽ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አልትራሳውንድ ታይቶ መርፌው ይጀመራል። መድኃኒቱ ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን ነው፤ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር በቀጭን መርፌ፣ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ራስሽ የምትወጊው። በተፈጥሮ በየወሩ ብዙ ከረጢቶች ይነሳሉ፣ አንዱ ይመረጥና ሌሎቹ ይሞታሉ። መርፌው የሚያደርገው ሊሞቱ የነበሩትን ማትረፍ ነው። «እንቁላሌ ያልቅብኛል፣ ቀድሜ አርጣለሁ» የሚለው ስጋት በብዛት ይመጣልናል፤ ከተጠራቀመው ሳይሆን የዚያ ወር ሟቾች ላይ ስለሚሠራ አያስጨርስም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ሁለተኛ መርፌ ይጨመራል። ሥራው አንጎል እንቁላሎቹን ቀድሞ እንዳይለቃቸው ማገድ ነው። ይህ መርፌ አንድ ቀን ከተዘለለ እንቁላሎቹ ከመውጣታቸው በፊት ሊለቀቁና ዙሩ ሊከሽፍ ይችላልና አትዘንጊው። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ይደረጋል። ከረጢቶቹ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያድጋሉ። ትልልቆቹ 18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀን መርፌ በኋላ፣ የመጨረሻው የማብሰያ መርፌ ይታዘዛል።

ከሂደቱ ሁሉ ስህተት የማይታለፍበት ይህ መርፌ ነው። እንቁላሎቹ የሚወጡት መርፌው ከተወጋ ከ35 እስከ 36 ሰዓት በኋላ ነው፤ ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምትገቢ ከሆነ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ትወጊያለሽ። ሁለት ሰዓት ብታዘገዪ ያልበሰሉት ይበዛሉ፤ ብዙ ብታስቀድሚ እንቁላሎቹ ተለቅቀው ከረጢቱ ባዶ ይገኛል። ወረቀቱ ላይ 20:00 ተብሎ ከተጻፈ የምሽቱ 2 ሰዓት ማለት እንደሆነ ነርሷ ፊት ደግመሽ አረጋግጪ፤ በሰዓት አቆጣጠር መምታታት የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። ብትሳሳቺ ደግሞ ደብቀሽ አትግቢ፤ ወዲያው ደውለሽ ብትናገሪ የማውጣቱን ሰዓት ማዛወር ይቻላል።

ማውጣቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በደም ሥር ማደንዘዣ ተኝተሽ፣ በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ እየታየ፣ ረጅም ቀጭን መርፌ እያንዳንዱን ከረጢት ይቀዳል። ሆድ አይቀደድም። በዚያው ቀን ወደ ቤት ትሄጃለሽ፣ መኪና ግን አትነጂም። ለሁለት ሦስት ቀን የወር አበባ የሚመስል ቁርጠትና መነፋት ይኖራል። ኦቫሪዎቹ አብጠው ስለሚቆዩ የወር አበባሽ እስኪመጣ ሩጫ፣ ዝላይና ከባድ ሸክም ይቅር፤ ያበጠ ኦቫሪ በራሱ ላይ ሊጠማዘዝ ይችላል። በአንድ ጎን ድንገት የሚመጣ ከባድ ሕመም ከማስታወክ ጋር ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም። ደም በብዛት መፍሰስ ወይም ትኩሳትም እንዲሁ። ኦቫሪ ከመጠን በላይ ተነቃቅቶ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀምበት ችግርም አለ፤ ምልክቱ በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መጨመር፣ የሽንት መቀነስና የትንፋሽ ማጠር ነው። ይህ በብዛት የሚገጥመው ብዙ ከረጢት ያላቸውን ሴቶች ነው። ባንቺ 10 ከረጢት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ እንቁላል የምታስቀምጥ ሴት በዚያው ወር ስለማትፀንስም ስጋቱ ይበልጥ ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺ አታይውም፤ ገንዘብሽ የሚሠራው ግን እዚያ ነው። እንቁላል ከሰውነት ሴሎች ሁሉ ትልቋ ናት፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ስትሆን ውስጧ በውኃ የተሞላ ነው። ውኃ በዝግታ ሲቀዘቅዝ በረዶ ይሠራል፤ የበረዶው ስንጥር ሴሉን ይወጋዋል፣ ክሮሞዞሞቹ የተሰለፉበትን ስስ ክርም ይበጥሳል። ከቀዘቀዘ እንቁላል የተገኘ የመጀመሪያው ልጅ በ1986 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሪፖርት ቢደረግም ዘዴው ለብዙ ዓመታት ያልተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬው ዘዴ ቪትሪፊኬሽን ይባላል። በመጀመሪያ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በእንቁላሏ ዙሪያ የተጠቀለሉትን ሴሎች ታራግፍና በማይክሮስኮፕ ታያታለች። ከጎኗ ፖላር ቦዲ የምትባል ትንሽ ነጠብጣብ ከታየች በስላለች ማለት ነው። ከዚያ ውኃዋን ቀስ እያለ በሚያስወጣና በቦታው በሚተካ ፈሳሽ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቆያለች፤ እንቁላሏ መጀመሪያ ጨምደድ ትላለች፣ ከዚያ ትሞላለች። በመጨረሻም በጣም የወፈረ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ። ይህ ፈሳሽ መርዛማ ስለሆነ ብትቆይ ትጎዳለች፣ ብታጥር ውኃው ሳይወጣ ይቀራል። በስስ የፕላስቲክ ጫፍ ላይ ከማይክሮሊትር ያነሰ ጠብታ ይዛ ዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ትጠልቃለች። ውኃው በረዶ ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስታወት ይደርቃል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እንቁላል ማቀዝቀዝን «ሙከራ» ከሚለው ዝርዝር ያወጣው ይህ ዘዴ ውጤቱ ከታየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ዕድሜ አይቆጠርም፤ የ36 ዓመት እንቁላልሽ ከስምንት ዓመት በኋላም የ36 ዓመት እንቁላል ናት።

ሁሉም በሰው እጅ ፍጥነት ላይ ስለቆመ ከክሊኒክ ክሊኒክ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ክሊኒክሽን መጠየቅ ያለብሽ «ስኬታችሁ ስንት በመቶ ነው?» ብለሽ አይደለም፤ እንዲያ ከጠየቅሽ 90 ይመለስልሻል። «እዚህ አስቀምጠው ተመልሰው ያቀለጡ ሴቶች ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ ስንቶቹ ወለዱ? ሲያስቀምጡ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ያስቀመጠ ግን ገና ጥቂት ያቀለጠ ክሊኒክ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የራሱን ውጤት ግን ገና አያውቅም፣ የሚነግርሽም የሌላውን ነው። ታንኩ ውስጥ ናይትሮጅን ሲቀንስ ሌሊትም ሰው የሚጠራ ማንቂያ መኖሩንም ጠይቂ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሁለት ማዕከላት ታንክ ተበላሽቶ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ሽሎች ጉዳት ደርሶባቸዋል። ሁለቱ ዙሮችሽ በሁለት የተለያዩ ታንኮች እንዲቀመጡ መጠየቅም መብትሽ ነው። ውል ስትፈርሚ የማስቀመጫ ክፍያ ቢቋረጥ፣ አድራሻሽ ቢቀየር ወይም አንቺ በሕይወት ባትኖሪ እንቁላሎቹ ምን እንደሚሆኑ የሚለውን አንቀጽ ሳታነቢ አትለፊ። ክፍያው በየዓመቱ ነውና ለስምንት ዓመት አባዝተሽ ከዋናው ወጪ ጋር ደምሪው።

የመጠቀሙ ጊዜ ሲደርስ ነገሩ እንዲህ ነው። በ38 ዓመትሽ ትዳር ብትይዢ በመጀመሪያ የተቀመጡትን አትንኪ፤ በተፈጥሮ ስድስት ወር ሞክሩ፣ የባልሽም ዘር ይመርመር። ከሆነ የመጀመሪያውን ልጅ በዚህ ወልደሽ የተቀመጡትን ለሁለተኛው ታቆያለሽ፤ በ41 ዓመትሽ ዋጋቸው የሚታየው ያኔ ነው። ካልሆነ ይቀልጣሉ። ከቅዝቃዜ የወጣች እንቁላል ዙሪያዋ ተራግፏል፣ ሽፋኗም ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ አንድ የወንድ ዘር በመርፌ ተወግቶ ይገባላታል። ማሕፀንሽ በሆርሞን ተዘጋጅቶ አንድ ሽል ብቻ ይቀመጣል። «ሁለት አስገቡልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ መንታ እርግዝና በ40 ዓመት ያለጊዜው መውለድንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር አንደግፈውም። በዚህ ዘዴ በተወለዱ ልጆች ላይ እስካሁን የታዩ ጥናቶች ከሌላው የበለጠ የአካል ጉድለት አላሳዩም። የእንቁላሉ ዕድሜ ቢቆምም የእናትየው ግን አይቆምም፤ ከ40 በኋላ የእርግዝና ስኳር፣ የደም ግፊትና በቀዶ ጥገና መውለድ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ «እንቁላሌ አለ» ብለሽ እስከ 47 አትዘግዪ።

አሁን በእርግጠኝነት የምታውቂው አብሮሽ ልጅ ለመውለድ የወሰነ ሰው ካለ ሽል ማስቀመጥም ይቻላል። ጥቅሙ ስንት ብላስቶሲስት እንዳለሽ ዛሬውኑ ማወቅሽ ነው፤ ጉዳቱ ያለ እሱ ፈቃድ ልትጠቀሚበት አለመቻልሽ። ከደብዳቤሽ እንደገባን እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ እንቁላሉ ላይ ጸንተሽ ሂጂ።

የመጀመሪያውን ዙር ውጤት ስትቀበዪ የወጣውን ሳይሆን የተቀመጠውን የበሰለ ቁጥር በጽሑፍ ውሰጂ። ሰባት ወይም ስምንት ከሆነ ሁለተኛውን ዙር በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው የወር አበባ ጀምሪ፤ ኦቫሪዎቹ ወደ መጠናቸው ከተመለሱ ረጅም ዕረፍት አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተቀመጠ ሁለተኛው ቢቀር የሚያስቆጭ አይሆንም። ከ10 ከረጢት ሦስት ወይም አራት ብቻ ከተገኘ ግን ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ለመድገም አትስማሚ። ሐኪምሽ መጀመሪያ ምክንያቱን ይንገርሽ፤ መጠኑ አንሶ ነበር? የማብሰያው መርፌ ሰዓቱን ስቶ ነበር? ከረጢቶቹ እኩል ሳያድጉ ቀርተው ነበር? የመጀመሪያው ከሆነ መጠኑ ይጨመራል፣ ሁለተኛው ከሆነ ሰዓቱ ይታረማል፣ ሦስተኛው ከሆነ ከመርፌው በፊት ከረጢቶቹን እኩል የሚያስጀምር ኢስትሮጅን ለጥቂት ቀናት ሊታዘዝ ይችላል። መጠኑ ከፍተኛ፣ ሰዓቱም ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ያው ከሆነ፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተሻለ እንደማይሰጥ አውቀሽ ወስኚ።